ለመፈልፈያው የተሠራው ስላይድ

ታቢታ ጂማ ከተማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊና ከሻይ ቤት መሃል የተሸጎጠች የጽሕፈትና የኮምፒውተር ቤት አለቻት። የሚመረቅ ተማሪም ሆነ ሪፖርት የሚያቀርብ የመንግሥት ሠራተኛ ስላይዱን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። ምላሷ እንደማይምር እያወቁ ይመጣሉ። «ይህን ሁሉ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ከለጠፍከው አንተ ለምን ትቆማለህ?» ትላለች፤ እነሱም ይስቃሉ፣ እሷም ትቆርጣለች።

ያን ቀን የመጡት ግን ጋሽ ሙርሺድ ነበሩ፤ የሰርቦው የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር። አባቷ ሲሞን ከከምባታ ተሰዶ ሲመጣ ሥራ የሰጡት፣ ሲሞትም ለቀብር ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ሲሞን ዕድሜውን የጨረሰው በማኅበሩ የቡና ማጠቢያ፣ የእሸቱን ልጣጭ በሚገፈው መፈልፈያ ማሽን ላይ ነው። ታቢታም ያደገችው እዚያው ነው፤ የተፈለፈለው እሸት ልጣጭ ሲብላላ የሚሸተው ሽታ እስከዛሬ ሆዷን ያባባታል።

ማጠቢያው አሁን ተዘግቷል። ማሽኑ አርጅቶ ፍሬውን ስለሚሰባብር ቡናው ደረጃ አጣ፤ ገበሬውም እሸቱን በግቢው አድርቆ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል። ማኅበራቱ የታቀፉበት ዩኒየን ለአንድ ማኅበር ብቻ አዲስ መፈልፈያ ሊሰጥ ነው። በማግስቱ ሦስት ማኅበራት እዚሁ ጂማ ላይ ቀርበው ያስረዳሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊደሉን ብቻ እዪልኝ» አሉ ጋሽ ሙርሺድ።

ታቢታ ፊደሉን አላየችም። ስላይዶቹን ሁሉ አሳንሳ በአንድ ገጽ ደረደረችና ርእሶቹን ብቻ ጮክ ብላ አነበበች። «ሰላምታና ምርቃት። ምስጋና ለክብር እንግዶች። የማኅበራችን አመሠራረት። መሥራች አባቶች። የቀድሞ ሊቃነ መናብርት...» ማሽን የሚለው ቃል የመጣው ከመጨረሻው በፊት ባለው ስላይድ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በአንቀጽ መሃል ነው።

«ጋሽ ሙርሺድ፣ እዚህ ሳይደርሱ ሰዓትዎ ያልቃል።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ያደግነው። ሳይመርቁ ጉዳይ አለ እንዴ?»

«ምርቃቱን በአፍዎ ይመርቁ፤ ማን ከለከለዎት? ግድግዳው ላይ ግን አይጻፍ። እርስዎ ሲመርቁ እነሱ ያነባሉ፤ ሲጨርሱ ምርቃቱንም አልሰሙ፣ ጽሑፉንም አልጨረሱ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ኤዬ፣ እሺ ቁረጪው።»

እሷም ጥያቄውን ከፊት አመጣችው፦ «አዲስ መፈልፈያ ከተተከለ የሰርቦ ቡና ወደ ታጠበ ቡና ይመለሳል።» ቀጥሎ የተሰባበረው ፍሬ ፎቶ፣ ከዚያ የደረቀው ቡናና የታጠበው ቡና ዋጋ ጎን ለጎን፣ ከዚያ ማሽኑን የሚንከባከበው ማን እንደሆነ። ረጅሙን ታሪክ ከስላይዱ ግርጌ ባለው፣ ተመልካች በማያየው የተናጋሪ ማስታወሻ ላይ አሰፈረችላቸው፤ ከጠየቋቸው እንዲናገሩት። ለሚቀረው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራት፦ ይህ ስላይድ ቢወጣ ልመናችን ምን ይጎድልበታል?

እንዲህ እያለች ስትወርድ አንድ ፎቶ ላይ እጇ ቆመ። ሲሞን ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከተወለወለው መፈልፈያ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። ፎቶውን ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም።

«እሱንማ ላንቺ ብዬ ነው ያስገባሁት» አሉ ጋሽ ሙርሺድ ቀስ ብለው። «አዳራሽ ውስጥ አንዴ ይታይ ብዬ። ማሎ፣ እባክሽ፣ እሱን አትንኪው።»

ታቢታ ፎቶውን አጉልታ አየችው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ አዳራሽ ገብቶ የክብር ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ትተወው ዘንድ ልቧ ለመናት፤ አንድ ስላይድ ምን ይጎዳል አለች። ግን በፎቶው ላይ ማሽኑ ያብረቀርቃል፤ አባቷ ወልውሎታል። ይህን ያየ ሰው «ይሄ ደህና ማሽን አይደል? አስጠግኑት» ይልና ወደሚቀጥለው ማኅበር ይዞራል።

«ጋሽ ሙርሺድ፣ ይሄ ፎቶ የሚለምነው ለአሮጌው ነው» አለች ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ከዚያ አወጣችው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«አልሐምዱሊላህ! ለእኛ ሆነ!» አሉ ጋሽ ሙርሺድ። «ከጊዜዬም ተረፈኝ፣ በተረፈው መረቅሁበት!»

ታቢታ እልል አለች፤ ልብስ ሰፊውም ምን ሆነች ብሎ ብቅ አለ። ጋሽ ሙርሺድ ሳቃቸውን ጨርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሮጌውን ሐሙስ ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ይወስዱታል። ልታዪው ትመጪያለሽ?»

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባት። ያን ሁሉ ስላይድ አጥርታ፣ አሳምራ የለመነችው አባቷ ዕድሜውን የጨረሰበት ማሽን ከቦታው እንዲነሳ ነበር። ጥሩ አድርጋም ለምናለች።

«እመጣለሁ» አለች። «ሳልደርስ እንዳያነሱት።»