ድርጅታችን ሊያገባዎት ይፈልጋል

የኔ ሥራ ምን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። ሰው ሲጠይቃት «እሷ ስልክ ላይ ትጽፋለች፣ ጋሼ ይመልሱባታል» ትላለች። ሳስበው እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ኬንያ ሞያሌ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ስቴጅ ፊት ለፊት፣ ወደ ናይሮቢ ሰው የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። የድርጅቱን የፌስቡክ ገጽም የምይዘው እኔ ነኝ። ጋሼ የምላቸው የአውቶቡሶቹ ባለቤት ናቸው፣ ሥራ አስኪያጁም እሳቸው ናቸው።

ከኔ በፊት የነበረው ልጅ የራሱ ገጽ መስሎት በድርጅቱ ገጽ ላይ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ሰድቦ ለጠፈ። የቡድኑ ደጋፊዎች ደግሞ ግማሹ ተሳፋሪያችን ነበሩ። ያን ቀን ጋሼ ገጹን የሚቆጣጠር አንድ ፕሮግራም አስገቡ። እኔ ጽሑፉን አዘጋጅቼ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት እሞላለሁ፤ ግን አይወጣም። «ፈቃድ በመጠበቅ ላይ» ተብሎ ይቀመጣል። እሳቸው አንብበው «አጽድቅ» የሚለውን ሲጫኑ ብቻ ፕሮግራሙ ራሱ በሰዓቱ ይለጥፈዋል። ሳያጸድቁት ሰዓቱ ካለፈ እዚያው ይቀራል። የጸደቀውን ደግሞ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትነካበት ማጽደቂያው ይወድቅና ነገሩ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህ አልበቃቸውም። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ የነካ ሰው ራሱ ማጽደቅ እንዳይችል አድርገው ቆለፉት። «ሕግ ከኔ ይጀምር» አሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የኔን እሳቸው ያጸድቃሉ፣ የሳቸውን እኔ። እሳቸው አንድም ቀን ጽፈው ስለማያውቁ ይህችን ሁለተኛዋን ረስቻት ነበር።

ሰውየው ሲያነቡ ማየት ነው! መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ያወልቁታል፣ ይጠርጉታል፣ እንደገና ያነባሉ። ከዚያ መልሰው ይልኩብኛል፣ ከሥሩም አስተያየት አለ። «ይታጠር።» «ዋጋው የታለ?» «ማነው የሚናገረው?» አንዴ «መልካም ዒድ» ብዬ ጽፌ «ለማን?» ብለው መለሱት። በንዴት እበግን ነበር፤ ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳወራላት ግን ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «አንድ ረቂቅ የእርስዎን ፈቃድ ይጠብቃል» ይላል። የኔን? ገጹን የሰረቀው ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከፍቼ አነበብኩት።

«ድርጅታችን በየሐሙሱ ከሹፌሩ ጀርባ ለሚቀመጡት ክብርት ደንበኛችን ያለውን ከፍተኛ አክብሮት እየገለጸ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሊያገባዎት እንደሚፈልግ በታላቅ ደስታ ያሳውቃል።»

ከጽሑፉ ጋር የአውቶቡሱ ፎቶ ተያይዟል። የሚወጣውም ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ልክ አውቶቡሱ ሲነሳ።

ከወንበሬ ተንሸራትቼ ባንኮኒው ሥር ገባሁ። ሳቁ አላስተነፍስ አለኝ፤ ትኬት ልትገዛ የመጣች ሴትዮ አሞኛል ብላ ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች።

ከሹፌሩ ጀርባ የሚቀመጡትን መላው ስቴጅ ያውቃቸዋል። እትዬ እላቸዋለሁ። ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግረው እዚህ ማንያታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ ለማምጣት ናይሮቢ የሚወርዱ ነጋዴ ናቸው። የጋሼም ሚስት ከሞቱ ቆይተዋል። ጋሼ ሐሙስ ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ይወጡና ሹፌሩ ያየውን ጎማ እንደገና ያያሉ። ጎማው ሁልጊዜ እትዬ በተቀመጡበት በኩል ያለው ነው። ለዓመታት ከ«ደህና አደሩ» አልፈው አያውቁም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም አልኩና ረቂቁን መለስኩባቸው። «ይታጠር። ዋጋው የታለ? ማነው የሚናገረው? ሙሽራው አውቶቡሱ ነው?» ብዬ ጻፍኩበት። በቢሯቸው መስታወት በኩል አየኋቸው። ሲያነቡ ጆሮአቸው ቀላ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ግን አልጠረጉትም። ያኔ አንጀቴን በሉት። ተነስቼ ቢሯቸው ገባሁ።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። አፍ አውጥተው ለእትዬ ሊነግሯቸው ስንት ጊዜ እንደሞከሩና ምላሳቸው እንዴት እንደሚታሰር ነገሩኝ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ቢወጣ እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ስልካቸው ላይ ያነቡታል። እሺ ካሉ ይወርዳሉ። እምቢ ካሉ አውቶቡሱ ይነሳል፤ ፊት ለፊት መተያየት የለም። ሐሳባቸው ይኸው ነበር። ይህን ሐሙስ ካለፈ ድፍረቱን ዳግመኛ እንደማያገኙትም ነገሩኝ። እባክሽ አጽድቂው ብለው ለመኑኝ።

እኔ ግን አላጸድቅም አልኩ። የእትዬ ታላቅ ወንድም ከድንበሩ ማዶ አለ፣ የተከበረ የከብት ነጋዴ ነው። እህቱ መጠየቋን ከተሳፋሪ ስልክ ላይ ካነበበው ጋሼ ሞያሌን ለቀው መሄዳቸው ነው። ሽማግሌ ሳይላክ የምን ማስታወቂያ? ወንድምየውም ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው ነው፣ የሱን ዓይነቱን ደግሞ በስልክ ተጭነው አያልፉትም። ጋሼም በዚህ ዕድሜዬ ማንን እልካለሁ አሉ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሹፌራችን ሆነ፤ ከኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። የሰፈራችንን ሼክና አንድ የጋሼን የዱሮ ጎረቤት ይዞ ድንበሩን በእግሩ ተሻገረ። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ምንም አልበሉም። ሹፌሩ ሲመለስ ፊቱ አይነበብም። ወንድምየው በክብር ተቀብሎ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ እህቴን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም፣ በሌላ ቀን ተመለሱ ብሏል። ወጉ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን ጣላት ይባላል።

እንግዲህ ቆጥራችሁ ያዙ። ጽሑፉ የኔን ፈቃድ ይጠብቃል፣ እኔ የወንድምየውን እጠብቃለሁ፣ ወንድምየው የእህቱን። ፕሮግራሙ ደግሞ ሐሙስ ሦስት ሰዓትን ይዞ ተቀምጧል።

ሐሙስ ጠዋት ስቴጁ እንደወትሮው ነበር፤ ሻንጣ ይወጣል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ የጫት ነጋዴው ከሹፌሩ ጋር ይከራከራል። ጋሼ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ግን ከቢሮ አልወጡም። ጎማውን ያየ ሰው የለም። እትዬ መጡና ወደ አውቶቡሱ መሄዱን ትተው ቀጥ ብለው ወደኔ ባንኮኒ መጡ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለሳቸው የተጻፈ ወረቀት አለ መባሉን ሰምተዋል፣ ይታየኝ አሉ። ሹፌሩ! ሽምግልና ሄዶ የረቂቁን ነገር ማዶ ዘርግፎት መጥቷል። ምን አደርጋለሁ፣ ስልኬን ሰጠኋቸው። አነበቡት። በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ እያለቀሱ ይሆን ብዬ ስሰጋ ሳቃቸው ፈንድቶ ወጣ። ባንኮኒውን ተደግፈው ሳቁ፤ እኔም አልቻልኩም፤ ሁለታችን እንባችን ወረደ።

«ወንድሜ ትናንት ማታ ጠይቆኛል፣ መልሴንም ነግሬዋለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ከዚሁ ሥር የምልሽን ጻፊ።»

የነገሩኝን ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ወዲያው መለሰልኝ፤ መጨረሻ ላይ የነካሁት እኔ ስለሆንኩ ማጽደቅ አልችልም፣ የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ይጠበቃል። ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ሹፌሩም ሞተሩን አስነስቷል። ሮጬ ቢሮ ገባሁና ጋሼ፣ ያጽድቁ አልኩ።

እትዬ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። እዚያው ውስጥ አለ፣ ያንብቡት አልኩ። መነጽራቸውን ፈለጉ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። ጠረጴዛውን ዳበሱ፣ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። እኚያ «መልካም ዒድ»ን የመለሱ ሰውዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ስልክ ጮኸ፣ ሌላም፣ ሌላም፤ አንዷ ሴት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ አንብባ ሳትጨርስም እልልታው ጣሪያውን አነሳው። እኔም ባንኮኒዬ ላይ ወጥቼ እልል አልኩ፤ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እትዬ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጠው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ዕቃ ማምጣት አይቀርም። አውቶቡሱ ሄደ።

ጋሼ ግራ ገብቷቸው በር ላይ ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ የሻይ ቤቱ ሰውዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለሠርጉ ቀን ቤተሰቡን በሙሉ እንዲመዘግቡለት ጮኸ። ከኋላው ሰልፍ መፈጠር ጀምሯል። ጋሼ መነጽራቸውን በመጨረሻ አገኙትና ስልኬን ተቀብለው አነበቡ። ከሳቸው ቃል ሥር እንዲህ ይላል፤ «ጥያቄው ደርሶኛል፣ እሺ ብያለሁ። የሚያገባኝ ድርጅቱ ስለሆነ ድርጅቱ ይደግስ። በሠርጋችን ቀን ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ጉዞ በነጻ ነው።»

«ይህንን ማነው ያጸደቀው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ደጋግመው አነበቡት። ያጠፉታል ብዬ ነበር፤ ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉ። የሰዉ ሰልፍ ረዝሟል፣ እኔ ምን ልበላቸው? ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። አንድ ረቂቅ የኔን ፈቃድ ይጠብቃል።

«ጉዞው በነጻ ነው። የሚያገባዎት ግን ድርጅቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

እንደሳቸው ደጋግሜ አነበብኩት። የሚታጠር አጣሁበት። ማነው የሚናገረው የሚያሰኝም የለውም። አጸደቅኩት።