ከፎቶው ሥር የጻፍኩት

በሕይወቴ ያልሸጥኩት ነገር ጥቂት ነው። ልባሽ ጨርቅ፣ የተቀዳ ካሴት፣ ጃንጥላ፣ የመኪና ምንጣፍ ሸጫለሁ። አሁን ደሴ ላይ ዊግና የፀጉር ቅባት እሸጣለሁ። የተማርኩት ሰኞ ገበያ ነው። እዚያ ዲፕሎማ አይሰጥም፤ ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ዕቃ ወሬ ካልወጣለት መደርደሪያ ላይ ያረጃል።

ይህንን ትምህርት ወደ ፌስቡክ ያሻገርኩት ዘግይቼ ነው። በአንድ የቅባት ፎቶ ሥር «ፀጉርሽ አልሰማ ካለሽ በዚህ ምከሪው» ብዬ ጻፍኩና ሴቶቹ ጽሑፉን እያነበቡልኝ ሱቅ ገቡ። ከዚያ ወዲያ አፌ ከዕቃዬ ይልቅ ታወቀ። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍት ስትል የመጣችውም ለዚሁ ነው።

«አጎቴ፣ ገንዘብ አልፈልግም» አለችኝ። «ለአንድ ሳምንት አፍዎን ያውሱኝ።»

ሳውዲ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። ስለዚያ ቤት ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ «ፀጉር ቤቱ ካልያዘልኝ ወደዚያው ነኝ፤ ሌላ የማውቀው በር የለም» አለች። ያለችውን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አፍስሳለች፤ ሦስት ወንበር፣ ሁለት ማድረቂያ ካስክ፣ ትልቅ መስታወት። ከሁሉም በላይ ግን መጋረጃው ነበር። በሩን ከፍተህ ብትገባ እንኳ ምንም የማያሳይ፣ ወፍራም፣ መሬት የሚጠርግ አረንጓዴ መጋረጃ። የሚሸፈኑ ሴቶች ተረጋግተው ፀጉራቸውን የሚገልጡበት ቤት ነው የከፈተችው። የሷ ገበያ ያ ነበር። እኔም ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። እኔ ወንድ ስለሆንኩ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ። ፎቶውን እሷ ታነሳለች፤ ፊት አይታይም፣ ከጀርባ ብቻ፣ ያውም ባለፀጉሯ ከፈቀደች። ከዚያ ደውላ ምን እንዳነሳች ትነግረኛለች። እኔ ደሴ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጽሑፉን በቴሌግራም እልክላታለሁ። እሷ በፌስቡክና በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለጥፈዋለች። ያላየሁትን ፀጉር ነበር የማሞግሰው። ለነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሰኞ፣ የመክፈቻው ቀን፦ «በሩ ተከፈተ፣ መጋረጃው ተዘጋ። ከውስጥ ሴት ብቻ። በዚህ ሳምንት ለታጠበች ሁሉ ትሪትመንቱ በነጻ።» ከሥሩ አድራሻና ስልክ።

ማክሰኞ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞቹ፦ «ከፈረቃ ስትወጪ ፀጉርሽ ላይ ጥጥ ተከትሎሽ መጥቷል? ነይ፣ ጥጡን እኛ እንለቅማለን።» በዚያ ቀን ልጆቹ ከሥራ ሲወጡ ተሰልፈው ቆሙ። ካስኩ ሥር አንዷ ሳትነሳ ሌላዋ ትጠብቅ ነበር። የእህቴ ልጅ ደውላ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ረቡዕ ስለ ሂና ጻፍኩ። ደህና ነበር፤ አልደመቀም። ይህ አናደደኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ድምፅህን ከፍ አድርግ የሚለው የሰኞ ገበያ ሕግ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ ደወለች።

«ሙሽራ ሠራሁ፣ አጎቴ። ሹሩባዋ ወገቧን አልፎ ወርዷል። ማሻአላህ እንዲህ ዓይነት ፀጉር አይቼ አላውቅም። ፊቷ እንዳይታይ እንጂ ከጀርባ አንሺኝ ብላለች።»

«የት ናት?»

«የቢስቲማ ልጅ ናት። እዚህ አክስቷ ቤት ከርማ ነው። ነገ ወደ አገሯ ትገባለች፣ ኒካሁ የሚታሰረው እሁድ ነው። ሐርቡ ነው የምትዳረው፤ ሙሽራው ወፍጮ ያለው ልጅ ነው አለችኝ። ስታወራ እንዴት ደስ ትላለች መሰለዎት።»

ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ፀጉሯ እየተሠራ የምታወራውን ነበር የነገረችኝ። ለእኔ ግን ወሬው ወዲያው ዕቃ ሆኖ ታየኝ። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍ ሲረዝም የመጀመሪያው መስመር ብቻ ይታያል፤ ቀሪው «ተጨማሪ» ከሚለው ቃል ጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ ምርጡን ነገር ፊት ላይ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«የቢስቲማዋ ሙሽራ እሁድ ሐርቡ ትገባለች። ባለ ወፍጮው ሙሽራ ይታገስ፤ ይህን ፀጉር እኛ ቀድመን አየነው።»

ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ ደወለች።

«አጎቴ፣ ይሄ ትንሽ አልበዛም?»

«ፊቷ አይታይ፣ ስሟ የለ። ምኑ በዛ?»

«አይ፣ እንዲያው…»

«የሚሸጠው ዝርዝር ነው፣ ልጄ። ቆንጆ ፀጉር ማንም ይላል።»

እጇ ቅባት ነበር፣ ሰው ይጠብቃታል፣ እኔ አጎቷ ነኝ። ለጠፈችው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ካርቶን ሻምፖ ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እስክንጀምር ስልኬን አልለቀቅሁም። ላይኩ ከሦስቱ ቀን ድምር በልጦ ነበር፤ ሼር የሚያደርገው ብዛቱ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ለማሳየት ሁሉ ቃጣኝ። መሐል ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ጠመዝማዛውን ጨርሰን ኮምቦልቻ ከታች መታየት ስትጀምር ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ ወዲያው ጮኸ።

«የት ደረሱ?» አለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «አይቸኩሉ። መምጣቱን ግን ይምጡ።»

ስደርስ በሩ ላይ አንዲት ጥቁር ጅልባብ የለበሱ ሴት ቆመዋል። የሙሽራዋ አክስት ናቸው። ካርቶኖቹን እንደያዝኩ ሰላምታ አቀረብኩ። ሰላምታዬን መለሱ፤ ያንን እንኳ አልነፈጉኝም።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ትጽፋለህ። ሐርቡ ገበያ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ሰው ነው በቃሉ ያለልኝ።»

«ፊቷ እኮ አልታየም…»

«ፀጉር ስም ከሌለው የማንም ነው። አንተ ባለቤት አበጀህለት። ሐርቡ ስንት ወፍጮ ያለው ሙሽራ አለ? ከቢስቲማ እሁድ የምትገባ ስንት ልጅ አለች? ልጅቷ ፀጉሯን ለዚህች ፀጉር ሠሪ ነው የገለጠችው። ላንተ አልገለጠችም። ‹ቀድመን አየነው› ያልከውን የሙሽራው ወንድሞች ስልኩን ከፍተው ፊቱ አስቀምጠውለታል።»

«ልጁ ምን አለ?»

«ምንም። ዝም ነው ያለው። እሱ ነው የጨነቀን።»

አስጠፋሁት፤ ያም በዓይናቸው ፊት። ከፌስቡክ ጠፋ። ከቻናሉ ጠፋ። ሰው ወደ ሰው ያስተላለፈው ግን የኛ አልነበረም፤ ስክሪንሹቱም የኛ አልነበረም። ካሴት ስቸበችብ የማውቀው ነገር ነው፤ አንዴ የተቀዳውን ማን ይሰበስባል።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ሙሽራዋ ለካ ውስጥ ነበረች። ድምፅዋ የልጅ ነው።

«እህቴ፣ ፍቺልኝ» አለች።

«ኧረ እሁድ ነው እኮ፣ ምን ሆነሽ…»

«ፍቺልኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሹሩባ ተሸክሜ አልገባም።»

አክስትየው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሻምፖዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሹሩባ መፍታት ጊዜ ይወስዳል። የማበጠሪያው ጫፍ ሲገባ፣ ጉንጉኑ ሲላቀቅ ይሰማል። አንዴ ብቻ የእህቴ ልጅ «አመመሽ?» አለች፣ ሙሽራዋም «አይ» አለች። የጁምዓ አዛን እስኪሰማ አልጨረሱም። ተነስቼ መስጊድ ሄድኩ፤ ሰግጄ ስመለስ ሄደዋል። ወለሉ ላይ የረገፈ ፀጉር ነበር። የእህቴ ልጅ ተንበርክካ በእጇ እየለቀመች ነው። መጥረጊያ አልያዘችም።

ያን ዕለት ከሰዓት ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ዝም ማለት አልተማርኩማ። «ትናንት ስለ አንዲት ሙሽራ በጻፍነው ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቤታችን ዛሬም ምስጢር ጠባቂ ነው» ብዬ ላክሁላት። በዚህ ጊዜ ሳትጠይቀኝ ለጠፈችው። ነገሩን ያልሰሙት ሁሉ «የቷ ሙሽራ?» ብለው ከሥር ጠየቁ፤ የሰሙት መለሱላቸው። አንዱ ስክሪንሹቱን እዚያው አስቀመጠው። ይቅርታዬ ከጥፋቴ በልጦ ተነበበ።

ቅዳሜ ከፋብሪካው ልጆች ጥቂቶቹ መጡ። የመጀመሪያዋ ከመቀመጧ በፊት የእህቴን ልጅ «ስልክሽን ወደ ውጭ አውጪልን» አለቻት። አወጣችው። ሁለተኛዋ ደግሞ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትባል «ምንም» አለች፤ ሦስተኛዋም «ምንም»። ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማውራት የፈራችበት ፀጉር ቤት ምን ይባላል? መታጠቢያ ነው። የሚሸፈኑት ግን አንዷም አልመጣችም። በዚያ ሳምንት አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም።

ኒካሁ እሁድ አልታሰረም። «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ አሉ። ለጊዜው የሚለው ቃል እስከ መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ የሚያበቃ ፊት የለኝም። ይህን ስጽፍ ድረስ እንደታሰረ አልሰማሁም።

የእህቴ ልጅ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «አብሽር አጎቴ፣ አይዞዎት፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት» ትለኝ ነበር፣ በዚያው በእርስዎ እያከበረችኝ። ሦስት ወር ያህል ባዶ ካስክ ስትወለውል ከረመች። አንድ ቀን ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የፓስፖርት ማሳደሻ ወረቀት ትሞላ ነበር። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም፤ የምታውቀውን በር ነግራኛለች።

«አንድ የመጨረሻ ይጻፉልኝ» አለች። «ዕቃው ይሸጥ።»

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ያለ ጨዋታ፣ ያለ ጌጥ፦ «የፀጉር ቤት ዕቃ ይሸጣል። ሦስት ወንበር፣ ሁለት ካስክ፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ መጋረጃ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበችው። ከዚህ በፊት እንደዚያ ቀስ ብላ ስታነብልኝ አላየሁም።

«መጋረጃውን ከዝርዝሩ ያውጡት» አለች። «ሴቶቹን ያልጋረደውን ለሰው አልሸጥም።»

አወጣሁት። ለጠፈችውና ስልኩን ደፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።