መፍትሔ የለውም ያለው ተማሪዬ

እልኸኛ ነኝ፤ ልጅም ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ “ይሄ ልጅ ተሳስቻለሁ ከሚል ምላሴን ቁረጡት ይላል” እያለች ለጎረቤት ታማርርብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ይህን የምጽፈውም ተሻሽዬ ሳይሆን ሌላ የምነግርበት ቦታ ስላጣሁ ነው።

ከኮሌጅ ወጥቼ ሒሳብ እንዳስተምር የተመደብኩት ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲኬድ መንገድ ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ሱሪዬ ከታች ሰፊ፣ አንገቴ ቀጥ ያለ። ያስተማርኩት አሥረኛ ክፍልን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ፤ በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከነሱ መካከል አንዱ በዕድሜ እኔን በአሥር ዓመት ይበልጠኛል።

ሰውዬው የከተማው ክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ጠዋት ወለል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፤ ከሰዓት በኋላ እጁ በረኪና እየሸተተ ክፍል ይገባል። ጴንጤ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሦስት ልጆች አሉት። ሕልሙን ከተማው ሁሉ ያውቅለታል፤ ጤና ረዳት መሆን ነው። በየዓመቱ ከአውራጃው የስልጠና ምልመላ ይመጣል፣ የአሥረኛ ክፍል ካርድ ይጠየቃል፣ ሒሳብ ከሃምሳ በታች ያለው አይመዘገብም። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ አክብረው “ኦቦ” ይሉታል። እኔ “አንተ” እለው ነበር። እሱ እኔን “እርስዎ” ይለኛል። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል፤ ያኔ ግን መምህርነት እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ ክፍልፋይ ያለባቸውን ኢኩዌሽኖች አስተማርኩ፤ ኤክስ ከመስመሩ በታች የሚገኝባቸውን። እወደው ነበር ይሄን ምዕራፍ። ቦርዱ ክፍልፋይ በክፍልፋይ ሆኖ ተማሪው ሲፈራ፣ “አትፍሩ፣ ግራና ቀኙን በጋራ ዲኖሚኔተሩ አባዙልኝ” እላለሁ። ታች ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ተራ ኢኩዌሽን ይቀራል። ክፍሉ እፎይ ሲል ደስ ይለኛል።

የመጨረሻዋን ነገር ግን ሁልጊዜ ደወል ሲደወል ነበር የምናገራት። ያገኛችሁትን መልስ ወደ መጀመሪያው ኢኩዌሽን መልሳችሁ ክተቱ፤ ታችኛውን ዜሮ የሚያደርግ ከሆነ ጣሉት፣ መልስ አይደለም፣ በዜሮ ማካፈል የለምና። ለምን እንዲህ ያለ ውሸታም መልስ እንደሚመጣም አንድ ቀን ጠይቆኝ ነበር ሰውዬው። “ሦስትና አምስት እኩል አይደሉም፤ ሁለቱንም በዜሮ ብታባዛቸው ግን እኩል ይሆናሉ። ያባዛህበት ነገር ዜሮ ሊሆን የሚችል ከሆነ ውሸትም እውነት መስሎ ይገባል” አልኩት። ጥሩ መልስ ነበር። እሱ ጻፋት። እኔ ረሳኋት።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ወረቀት የለም፣ የማባዣ ስቴንስል የለም፤ ጥያቄውን ቦርድ ላይ እንጽፋለን፣ ተማሪው እየገለበጠ ይሠራል፣ የመልስ ወረቀቱን እንሰበስባለን፣ ትምህርት ቤቱ ያስቀምጠዋል። የመጨረሻዋን ጥያቄ እዚያው ቆሜ ከጭንቅላቴ አወጣኋት።

1/(x − 2) + 1/(x + 2) = 4/(x² − 4)

ታምራለች አይደል? በ x² − 4 ስታባዛት ግራው x + 2 እና x − 2 ይሆናል፣ ሁለቶቹ ይጣፋሉ፣ 2x = 4፣ x = 2። አለቀ። በመልስ ቁልፌ ላይ ሁለት ብዬ ጻፍኩና ከሥሯ አሰመርኩ። ማርኳ ስድስት።

ሳርም ሁሉም ሁለት ብሏል፤ ያልሠራውም ከጎኑ ገልብጦ ሁለት ብሏል። የሰውዬው ወረቀት ላይ ስደርስ መጨረሻው ላይ “መፍትሔ የለውም” ይላል። ከላዩ ምን እንደጻፈ አላየሁም። ስልሳ ወረቀት ያረመ ሰው መጨረሻውን መስመር ብቻ ነው የሚያየው። ስንፍና መሰለኝ፣ በቀይ ሰረዝኩት፣ ዜሮ ሰጠሁት። ድምሩ አርባ ስድስት መጣ።

በማግስቱ ቆቡን በእጁ ይዞ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመ።

“መምህር፣ ስለ መጨረሻዋ ጥያቄ ነበር” አለ። “ሁለትን መልሼ ስከተው ታቹ ዜሮ ይሆንብኛል። እርስዎ ጣሉት ስላሉን ነው የጣልኩት።”

ሦስት መምህራን ሻይ እየጠጡ ያዳምጣሉ። ወረቀቱ ከፊቴ ካለው ክምር ውስጥ ነው፤ እጄን ብዘረጋ አገኘው ነበር።

“ስልሳ ሰው ያገኘውን አንተ ብቻ አጣኸው?” አልኩት። “አሁን ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ ነው?”

አንዱ መምህር ሳቀ። ሰውዬው “ይቅርታ መምህር” ብሎ ቆቡን አድርጎ ሄደ። ሮስተሩ ተፈረመ፣ የዚያ ዓመት ምልመላ አለፈው። መስከረም ሲጠባ ለካርዱ ሲል ክፍሉን ሊደግም መጣና መስኮት ዳር ተቀመጠ። እኔም “እሰይ፣ ጎበዝ” አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ያው ምዕራፍ ዞሮ መጣ። ያቺን ቆንጆ ጥያቄ ስለማውቃት “ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ የወጣችው ይቺ ናት” ብዬ ቦርድ ላይ ጻፍኳት። አባዛሁ፣ አጣፋሁ፣ ሁለት አገኘሁ። ደወሉ ገና ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል “እስቲ መልሰን እንክተተው” አልኩ። ኤክስ ሁለት ነው፤ ሁለት ሲቀነስ ሁለት...

ጠመኔው ቦርዱ ላይ ቆመ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም ሰውዬው ከኋላዬ መኖሩን በማጅራቴ አውቀዋለሁ። ዞር ብዬ “ኦቦ፣ አምና ልክ ነበርክ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። አሥር ቃል አይሞላም። ስልሳ ልጅ ፊት? እኔ?

በእጅጌዬ ታችኛዎቹን ጠራረግኳቸው። x − 2 የነበረውን x − 1፣ x + 2 የነበረውን x + 1፣ x² − 4 የነበረውን x² − 1 አደረግኩ፤ ከላይ ያለችውን አራት አልነካኋትም። የተባዛውንም መስመር አስተካከልኩ። “አይ፣ ፈተናው ላይ አንድ ነበር” አልኩ። “አሁን ስጽፈው ነው የተሳሳትኩት።” መልሱ ያው ሁለት ይመጣል፤ ሲከተትም ግራው አንድና አንድ ሦስተኛ፣ ቀኙ አራት ሦስተኛ፣ እኩል ናቸው። ተማሪዎቹ ገለበጡ። ሰውዬው ቦርዱን ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ አቀርቅሮ እሱም ገለበጠ።

ከክፍል በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ አልኩ። ቅዳሜ ክሊኒክ ሄጄ አልኩ። የአምናውን ወረቀት ከመጋዘን አውጥቼ አየሁት፤ ገና ከመጀመሪያው መስመር በፊት “x 2 መሆን አይችልም፣ −2 መሆን አይችልም” ብሎ በጥንቃቄ ጽፏል። አጣጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት። ዓመቱ አለቀ፣ ሰባ አንድ አገኘ፤ አንድም ማርክ አልጨመርኩለትም፣ የራሱ ነው። ምልመላው ሲመጣ ግን አልተመዘገበም። የክሊኒኩን ጤና ረዳት ስጠይቀው “ሐሳቡን ቀይሯል” አለኝ። ለምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ዕድሉን አግኝቶ እሱ ነው የተወው፣ እኔ ምን አደረግኩት አልኩ። ወደ አምቦ ተዛወርኩ፤ በዚህች ሰበብ ብዙ ዓመት ሰላም ተኛሁ።

ከዚያ ልጆች ወለድኩ፣ ፀጉሬም ሳሳ። አንድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስመለስ የአውቶቡሳችን ጎማ እዚያችው ከተማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር እግሬን ላፍታታ ብዬ ስሄድ ክሊኒኩ ጋ ደረስኩ። ሰውዬው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ምድጃ ላይ መርፌ ይቀቅላል። ሸብቷል። አይቶኝ ተነሣ።

“አከም ጅርቱ፣ መምህር! እንዴት ነዎት?” ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፤ ትልቋ ሸነን ከተማ ታስተምራለች። ከዚያ፣ ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ “ያኔ ሰባ አንድ አምጥተው ለምን ሳይመዘገቡ ቀሩ?” አልኩት። አንቱ ያልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

“አይ፣ እሱማ በእርስዎ ምክንያት ነው” አለና ሳቀ።

“ያችን ጥያቄ ያስታውሷታል? የመጀመሪያው ዓመት ላይ መፍትሔ የለውም ያልኳት። እኔ ከታች ኤክስ ሲቀነስ ሁለት ነው ብዬ ነበር የገለበጥኩት፤ ምሽቴ ፊት ሁሉ ምዬ ነበር፣ ሁለት ነው እያልኩ። በሁለተኛው ዓመት ቦርድ ላይ አንድ መሆኑን ሲያሳዩን ነው የገባኝ። ዓይኔ እንዲያ ነው ማለት ነው። ሦስቴ አይቼ ነበርኮ፣ ሦስቴም ሁለት ብዬ ነው ያነበብኩት።”

ማሰሮውን ከምድጃው አወረደ፣ እጁን በጋቢው ጠረገ።

“ከዚያ ቤቴ ሄጄ አሰብኩት። ጤና ረዳት ሆኜ ሐኪም አንድ ሲሲ ብሎ የጻፈውን ሁለት ብዬ አንብቤ ሕፃን ብወጋስ? ወለል ማጠብ ይሻለኛል አልኩ። እርስዎ ባያሳዩኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር፣ የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ሳልነግርዎ ቀርቼ ይቆጨኝ ነበር።”

ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ እጄን መልሶ ይዞ ይጠብቃል።

“አብሮ ይስጥልን” አልኩት፣ ሄጄም ተሳፈርኩ።