ከሁለት ጫፍ የተከደነ ጣሪያ

ሰፈሩ «ደረቁ» ይለዋል። ጣሪያ ከድኖ ሲጨርስ ከመሰላሉ ይወርድና እጁን በሱሪው እየጠረገ ለባለቤቶቹ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «ደረቅ ነው።» ከዚያ በላይ ምስጋና አይጠብቅም፣ ከዚያ በላይ ዋስትናም አይሰጥም። ቃሉም መሬት ወድቆ አያውቅም ነበር፤ የገዛ ልጁ ክፍል እስኪያፈስ ድረስ።

ልጁ አራስ ናት። እሷና ባሏ የሚኖሩባት ክፍል ከደረቁ ቤት ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተለጥፋ የተሠራች ናት። በአንድ ጎኗ ክፍት ሜዳ፣ በሌላው ጎኗ የግቢው ግንብ አለ። መስኮቱ እንዳይዘጋ ሲባል ጣሪያዋ ከፍ ማለት አልቻለም። ተዳፋቱ ብርቱካን ቢያስቀምጡበት ልንከባለል ወይስ ልቀመጥ ብሎ የሚያመነታበት ዓይነት ነው። ደረቁ እንዲህ ያለ ጣሪያ አይወድም። «ውሃ ቁልቁለት ላይ ሯጭ ነው፣ ሜዳ ላይ ግን ወሬኛ» ይላል። «ቆሞ በየሰው በር ያያል።»

ጣሪያዋን የከደነው ከልጁ ባል ጋር ነበር። አማቹ የሚሠራበት የዕቃ መደብር ከተዘጋ ወዲህ የደረቁን መዶሻ ተከትሎ መዋል ጀምሯል፤ ዝምተኛ፣ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። የዚያን ቀን ቆርቆሮ የሚመታበት እንጨት፣ ሞራሌው፣ ገና ራቁቱን ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ደረቁ ዘወትር ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ነበር የሚከድነው። ደመናውን ሲያይ ግን «አንተ ከሜዳው በኩል ጀምር፣ እኔ ከግንቡ በኩል። መሀል ላይ እንገናኛለን» አለ። ተገናኙ። ዝናቡም ቀጥ ብሎ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። «ደረቅ ነው» አለ ደረቁ።

ከዚያ ወጨፎው መጣ። ከሜዳው ተነሥቶ፣ ዝናቡን እንደ አሸዋ እየበተነ፣ ጣሪያውን በጎን መታው።

ደረቁ ወደ ክፍሉ ሲገባ አልጋው ከቦታው ተስቧል፤ አልጋው በነበረበት ላይ ሳህን ተቀምጧል። ጠብ፣ ጠብ። አማቹ ተንበርክኮ ወለሉን ይወለውላል።

«አባዬ፣ ደግሞ እንዳትጮህ። አሁን ገና ነው የተኛው» አለች ልጁ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ እንደያዘች።

ባልዲ ልታውስ የመጣችው ጎረቤት በሩ ላይ ቆማለች። «ጉድ እኮ ነው! ደረቁ ረጠበ በሉኛ!»

ደረቁ ቀና ብሎ አየ። የግንቡ በኩል ደርቋል፤ የሚያፈሰው የሜዳው በኩል ነው። የጎረቤቲቱ ሳቅ ጆሮው ውስጥ ቀረበት።

«የእኔ ወገን ጠብ አላለም» አለ። «ያፈሰሰው የሱ ነው።»

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት።»

«እንዳልኩህ ብታደርግማ መች ያፈስ ነበር? ሚስማር ከመምታትህ በፊት እጅ ይኑርህ! ከእንግዲህ ከእኔ ጋር መሰላል እንዳትወጣ።»

አማቹ ጨርቁን ጨምቆ ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀለው፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ።

«እሱ ከሄደ እኔም ልጄን ይዤ እከተለዋለሁ» አለች ልጁ። አልጮኸችም። ደረቁን ያስደነገጠው አለመጮኋ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጥፋቱን አውጥቶ ሊያሳያት መሰላሉን ወጣ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ ሁሉም ከነጎማቸው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ናቸው፤ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የተመታ አንድም የለም። የጎን ድርቡን ለካ፤ ለእንዲህ ያለ ለጥ ያለ ጣሪያ እንዳዘዘው ሁለት ጉብታ በሁለት ጉብታ ላይ ተጭኗል። የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ስንዝር ከግማሽ ያህል ደርቦታል። «እጅ የለውም» ያለው ሰው ከእሱ ይልቅ አጥብቆ ሠርቷል።

ታዲያ ከየት ገባ? ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ከሜዳው መጥቶ አንገቱን ነካው። ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ቆማለች፤ ላባዋ በላባዋ ላይ ተኝቶ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስልሷል። ጥሬ አይታ ዞር ስትል ነፋሱ ከኋላዋ ገባ፤ ላባዋ ሁሉ ተገለበጠና ነጭ ቆዳዋ ታየ። ይህን ያህል ዘመን ዶሮ ሲያይ ኖሮ ይህን አላየም! የላባ ነገር አስደነቀው።

አንድ ደረቅ ቅጠል አንሥቶ አማቹ በሠራው በኩል ከቆርቆሮው ከንፈር፣ ከድርቡ ጠርዝ፣ ፊት አስቀመጠ። ነፋሱ ቅጠሉን ገፍቶ ክፍተቱ ውስጥ ወሸቀው። በራሱ በኩል ሞከረ፤ ቅጠሉ በላዩ አልፎ ሄደ።

ቆርቆሮ ሲደረብ አዲሱ በቀድሞው ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ከንፈሩ ሁልጊዜ የሚያየው ሥራው ወደ ተጀመረበት ጫፍ ነው። ደረቁ ከግንቡ ጀምሮ ወደ ነፋሱ ስለሄደ የሱ ከንፈሮች ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ከሜዳው የተጀመሩት ግን ሁሉም ወደ ሜዳው አፋቸውን ከፍተዋል። ተዳፋቱ ቢበረታ ውሃው ቶሎ ወርዶ ጣሪያው ምናልባት በዳነ ነበር። እዚህ ግን ውሃው ይዘገያል፤ የዘገየውን ነፋሱ እየገፋ በድርቡ ሥር ጉብታውን ያሻግረዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከሜዳው ጀምር ያለው ደግሞ ማን ነው?

ቦርሳው ውስጥ የማስቲሽ ጣሳ አለ። ከንፈሮቹን ለድፎ፣ ወርዶ፣ «የሱን ጉድ አስተካከልኩለት» ማለት ይቻላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ። ክዳኑን ከፈተው እንኳ። ማስቲሹ ፀሐይ ሲመታው እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ ግን እጁን የያዘው ይህ አልነበረም። ከሥሩ፣ ከልጁ ክፍል፣ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ሰማ። ጣሳውን ከደነና ወረደ።

አማቹን ያገኘው የተዘጋው መደብር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነው።

«የድርቡ አቅጣጫ ነው» አለ ደረቁ ቆሞ። «ከዚያ ጫፍ መጀመር አልነበረብህም። ያስጀመርኩህ እኔ ነኝ።»

አማቹ ቀና አላለም። «ጠይቄዎት ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«ነፋሱ ከሜዳው አይደል ወይ የሚመጣው፣ ከሜዳው መጀመሬ ልክ ነው ወይ ብዬ። ‹የምንቀድመው ዝናቡን ነው፣ ነፋሱን ምን አገባህ› አሉኝ።»

ደረቁ ይህን ጨርሶ አላስታወሰም። ከስሕተቱ ይልቅ አለማስታወሱ አስፈራው። ስንት ጥያቄ እንዲህ በመዶሻ ድምፅ አልፎ ይሆን?

«ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ?» አለ አማቹ። «የሰደቡኝ እሷ ፊት ነው። ያቺ ሴትዮም ሰምታለች።»

አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ደረቁ በልጁና በጎረቤቲቱ ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከሜዳው ያስጀመርኩት እኔ ነኝ» አለ። ልጁ ሻንጣውን አልፈታችም፤ በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር አስገባችው።

የሜዳውን ወገን ገፈፉት። ከመሀል ተነሥተው ሁለቱም ጎን ለጎን ወደ ነፋሱ እየሄዱ እንደገና ከደኑት፤ ትርፍ የሆኑትን የድሮ የሚስማር ቀዳዳዎች በጎማና በማስቲሽ ደፈኑ። ደረቁ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ በፊት «እንዴት ነው?» ይላል፤ አማቹ «ይሁን» ይላል። ሌላ ወሬ የለም።

ወጨፎው ተመልሶ ሲመጣ ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ቀና ብለው ቆመው ነበር። ዝናቡ በጎን መታ፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«እሺ ደረቁ!» አለች ጎረቤቲቱ ከበረንዳዋ ማዶ። «ምን ትላለህ?»

ደረቁ እጁን በሱሪው ጠረገ። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እናያለን» አለ።

አማቹ ሳህኑን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ልጁ ክንዱን ያዘችው። «ለማንኛውም ይቀመጥ» አለች።

ሳህኑም ባዶውን እዚያው ቀረ።