ትንሿ ሾርባ ችሎት ፊት

መታወቂያዋ ላይ ባለው ስም የሚጠራት ሰው የለም። አባቷ ገና በእቅፍ ሳለች «ሚጣዬ» አሏት፤ ቁልምጫው እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ፤ ጸጉሯ ሸብቶ፣ መነጽሯ ወፍሮ እንኳ መሥሪያ ቤት ያለ ሁሉ ሚጣዬ ነው የሚላት።

ሚጣዬ እንግሊዝኛ በሚነገርበት የሰው አገር ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጓሚ ናት። የምትሠራበት ክፍል የአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ዝናብ መዝነቡ የሚታወቀው ከውጭ በሚገባ ሰው ጫማ ነው። ከግራዋ የስፓኒሽኛው ተርጓሚ፣ ከቀኟ ደግሞ የዓረብኛው ተርጓሚ ይቀመጣሉ፤ ክርናቸውን በይሉኝታ ሰብስበው ነው የሚጽፉት። ከዚያ ጉድጓድ ለመውጣት ስንቴ አስባለች! ግን አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ የሚታከሙት በእሷ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ነው። «ነገ እለቃለሁ» ያለችው ነገ እስካሁን አልነጋም።

ከሁሉ በላይ አንገቷን ያነቃት የአለቃዋ ደንብ ነበር። አንድ ጠበቃ «ቃል ዘላችሁብኛል» ብሎ ቢሮውን ካስጨነቀ ወዲህ፣ አለቃዋ ለፍርድ ቤት የሚሄድ ጽሑፍ ላይ አንዲት ቅጥያ እንዳትቀር፣ ማብራሪያም እንዳይጻፍ አዘዘ። ቃሉ ጫፍ ላይ ማሳነሻ ካለ እንግሊዝኛው ላይ «ሊትል»፣ ትንሽ የሚለው ቃል፣ ይግባ፤ ከእሱ ወዲያ ወሬ የለም።

«ይሄ ደንብ እኔን ይገድለኛል» አለ የስፓኒሽኛው፣ ደንቡ የወጣ ሰሞን። «ሰውየው ‹አኦሪታ እመጣለሁ› ይላል። ‹አኦራ› አሁን ማለት ነው። ‹ትንሿ አሁን› ብዬ ልጻፍ? አንዱ አገር አሁኑኑ ማለት ነው፣ ሌላው አገር ደግሞ ቆየት ብዬ።»

«የእኛማ ቅጥያም የለውም» አሉ የዓረብኛው፣ ሽማግሌ ናቸው። «‹ኢብን› ልጅ ነው። ‹ቡነይ› ሲሆን የቃሉ ሆድ ዕቃ ራሱ ተለውጦ ነው የሚያንሰው። አባት ጎልማሳ ልጁን ‹ያ ቡነየ› ቢለው ቁመቱን አላሳነሰም፤ ልጄዋ፣ የኔ ዓለም ማለቱ ነው።»

ሚጣዬ ሳቀች፤ ስቃም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደንብ ደንብ ነው።

ከዚያ የአንዲት ሩሲያኛ ተናጋሪ እናት መዝገብ መጣ። ባልና ሚስት ተፋትተው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን ማን ያሳድግ በሚል ይካሰሳሉ። ልጁ አባቱ ዘንድ በሚሆንባቸው ቀኖች እናትየዋ በስልክ የላከችለት የድምፅ መልእክት ተሰብስቦ ይተርጎም ተባለ። ሚጣዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ሰማች። «ሲኖቼክ» ትለዋለች፤ «ሲን» ልጅ ነው፣ «ሲኖቼክ» ደግሞ ልጅ ሲሳም ነው። ሾርባው «ሱፕ» መሆኑ ቀርቶ «ሱፕቺክ» ሆኗል፤ እጁ «ሩካ» ሳይሆን «ሩችካ» ነው። በእኛ ቢሆን «ሾርባዋን ጠጣት፣ እጅህን እንዳይበርድህ የኔ ጌታ» ተብሎ ባለቀ ነበር፤ ሾርባዋን ሴት ስላደረግናት ማንም አይደነግጥም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ጓዳ የለውም። ጥሩ ተርጓሚ ቁልምጫውን ከሾርባው ላይ አንስቶ አረፍተ ነገሩ አፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንድ «ዳርሊንግ»፣ የኔ ፍቅር፣ ብሎ ሾርባውን ሾርባ፣ እጁን እጅ አድርጎ ይተወዋል። ሚጣዬ ይህን እያወቀች በደንቡ ጻፈች፦ ትንሹ ልጄ፣ ትንሿን ሾርባህን ጠጣ፣ ትንንሽ እጆችህ እንዳይበርዳቸው። ፈረመች፤ ማኅተሙን መታችበት።

ወረቀቱ ፍርድ ቤቱ የመደበው የሥነ ልቦና ባለሙያ እጅ ገባ። ባለሙያውም እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ፣ እናትየዋ ጎረምሳ ልጇን እንደ ጨቅላ እንደምትይዘውና ይህም እድገቱን እንደሚጎዳ ጻፈ። የአባትየው ጠበቃ ይህን ይዞ ልጁ ጠቅልሎ ለአባቱ ይሰጥ አለ።

ሚጣዬ ዘገባውን አንብባ እንደጨረሰች በቀጥታ አለቃዋ ጋ ገባች።

«ትርጉሙ ይታረም» አለችው።

«ስህተት አለበት?»

«ቃል በቃል ልክ ነው። እንደ ንግግር ግን ውሸት ነው።»

«ሚጣዬ» አለ አለቃው ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ፈርመሽበታል። ተሳስቼ ነበር ካልሽ የተርጓሚነት ፈቃድሽ ይሄዳል። ልክ ነው ካልሽ ሰላም ነው። አባትሽንም አስቢ።»

አባትሽን አስቢ ማለቱ በደግነት ይሁን በማስፈራራት መለየት አልቻለችም።

የባሰው ግን ማዳመጫው ውስጥ ነበር። ቅጂውን እንደገና ስትሰማ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እናትየዋ ለልጇ «ፓፖችካህ ደግሞ ዛሬም ረሳህ አይደል?» ትላለች። «ፓፖችካ» አባባ፣ አባብዬ ነው፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ ማር ነው። ከተፋታች ሚስት አፍ፣ በዚያ ድምፅ ሲወጣ ግን ሬት ነው፤ «ያ ጉደኛ አባትህ» እንደማለት። በደንቡ «ትንሹ አባትህ» ተብሎ ስለተጻፈ ማንም ልብ አላለውም። ሚጣዬ አፏን ከከፈተች ይህንንም መክፈቷ ነው። የሾርባውን ፍቅር አውጥታ የፓፖችካውን መርዝ ብትደብቅ፣ ያ ትርጉም ሳይሆን ጥብቅና ነው። ዝም ብትል ደግሞ ልጁ በእሷ ፊርማ ከእናቱ ይነጠላል። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

ማታ የአባቷን ትራስ ስታስተካክል ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሚጣዬ» አሏት በተያዘ ምላሳቸው፣ «እኔ እንዲህ ስልሽ ስንት ዓመትሽ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው እንዴ?»

«አይደለም አባዬ።»

«አንዳንዴ ደግሞ ስናደድብሽም ሚጣዬ እልሽ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። የቁጣው ሚጣዬ ሲመጣ ከበር ነበር የምለየው።»

አዛውንቱ ከዚህ በላይ አልመከሯትም፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ችሎት በምስክርነት ተጠርታ ቆመች። የአባትየው ጠበቃ ወረቀቱን አሳያት።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ትርጉሙ ትክክል ነው?»

«እያንዳንዱ ቃል አለ። ግን ‹ትንሽ› የሚለውን አንድም ቦታ እናትየዋ አላለችም።» ከዚያ ለዳኛዋ ቅጥያው መጠን ሳይሆን ስሜት እንደሚናገር፣ ሩሲያኛ የምትናገር እናት ወታደር ለሆነ ልጇም «ሲኖቼክ» እንደምትል፣ ሾርባውም በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ቢቀርብ «ሱፕቺክ» ሊባል እንደሚችል አስረዳች። እናትየዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች፤ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ከዚያም ጠየቁ፦ «እንግዲያው ይህ ቅጥያ ሁልጊዜ ፍቅር ነው ብዬ ልውሰድ?»

ሚጣዬ የእናትየዋን ዐይን ላለማየት ጠረጴዛውን አየች። መውጫው በር ሩቅ ነበር።

«አይደለም» አለች። «እንደ ድምፁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ምጸት ነው።» የፓፖችካውንም ተናገረች።

ዳኛዋ ዘገባው በአዲስ ትርጉም እንደገና ይሠራ አሉ። በመጨረሻ ልጁ ከእናቱ ጋር ቆየ፤ ለአባቱ ግን ተጨማሪ ቀናት ተሰጡት፣ እናትየዋም ልጁ ፊት አባቱን እንዳታንቋሽሽ ታዘዘች።

ከችሎቱ ውጭ ኮሪደሩ ላይ እናትየዋ ሚጣዬን ጠብቃ በሩሲያኛ «ስለ ልጄ አመሰግንዎታለሁ። ያንን ግን ማን ጠየቀዎት?» አለቻት።

«ዳኛዋ» አለች ሚጣዬ።

ፈቃዷን አልነጠቋትም። አለቃዋ ግን ከፍርድ ቤት ሥራ አነሳትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ሰጣት፤ በዚያ ሥራ ላይ አንድም የሚቆላመጥ ነገር የለም። ደንቡም አልተነሳም፤ «ማብራሪያ አስፈላጊ ከሆነ አለቃን አስፈቅዶ» የምትል መስመር ብቻ ተጨመረችበት። የስፓኒሽኛው ተርጓሚ በነጋታው ለአንዲት «አኦሪታ» ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አለቃው ወጣ። ሚጣዬ ክርኗን ሰብስባ «ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት በሩ መዘጋቱን ያረጋግጡ» የሚለውን መተርጎም ጀመረች።