ዓይኑ ተገልብጦ ቁልፉ የቀረበት ስልክ

ሌላው ሰው ባልደረባውን በፊቱ ይለየዋል፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ግን የሚለየው በስልኩ ጀርባ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በኮንትራት፣ በየስድስት ወሩ እየታደሰ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ሲለጥፍ ኖሯል። ከዚያ ጎን ለጎን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የስልክ ከቨር ያመጣል። ሰውን «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ደንቡን ከነአንቀጹ በቃሉ የሚወጣው ሹም እንኳ የገዛ ስልኩን ስም አያውቅም፤ «ጥቁሩ ነው» ይልሃል። ስለዚህ እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

ፎቶው ሲደርሰው ቀለሙን አያይም። ቀለም ውሸታም ነው፤ አንዱ ሞዴል በአምስት ቀለም ይወጣል። የሚያየው የካሜራውን ዓይኖች ነው፤ ስንት ናቸው፣ በሰልፍ ቆመዋል ወይስ በአራት ማዕዘን ታጉረዋል፣ ፍላሹስ ከየትኛው ዓይን ጎን ተለጥፏል። ዓይናቸው አንድ ዓይነት የሆነ መንትዮች ሲገጥሙት ወደ ጠርዙ ይወርዳል። የድምፁ ረጅም ቁልፍ በየትኛው ወገን ነው? አጭሩ ማብሪያ ከእሱ ጋር ነው ወይስ ተኳርፈው ማዶ ለማዶ ቆመዋል? ይህን ሳያጣራ ያዘዘው ከቨር ቁልፉን አንቆ ይይዛል። በዚህ ጥበቡ «ጀርባ አዋቂው» የሚል ስም ወጣለት፤ እሱም እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ቋሚ የሚያደርግ ደብዳቤ ላጣ ሰው ቅጽል ስምም ሹመት ነው።

አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ተለጠፈ፤ የለጠፈው ስም የለሽ አካውንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ተንጋለው፣ ዝንብ አስገብቶ በሚያስወጣ አፍ፣ «ሰዓት አክብሩ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ተኝተዋል። ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ሥራ አልሠራም። በሌላውም ቀን አይሠራም፤ ያን ቀን ግን ምክንያት ነበረው።

ሥራ አስኪያጁ ጀርባ አዋቂውን አስጠሩት። ከወንበራቸው ጀርባ ባለ መስታወት መዝጊያ ቁም ሣጥን አለ። ፎቶውን ሲያሰፋው በመስታወቱ ውስጥ አንድ እጅ ታየ፣ የያዘውም ስልክ ከነጀርባው። ፊቱን ስልኩ ጋርዶታል። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አላንዛዙትም፤ የማን እንደሆነ ከነገርከኝ የቋሚ ቅጥርህን ደብዳቤ እፈርማለሁ አሉ። ስድስት ዓመት የለመናትን ደብዳቤ አንድ የአፍ ማንኮራፋት አመጣለት።

በስልኩ ያስቀመጣቸውን ሠላሳ አንድ ጀርባዎች አንድ በአንድ ከፎቶው ጋር አስተያየ። ሦስት ዓይን በሰልፍ፣ ፍላሹ ከመካከለኛው ጎን፤ ሃያ ዘጠኙ ወደቁ። ሁለት ቀሩ። አንደኛው የመዝገብ ቤቷ አሮጊት ስልክ ነው፤ ከጀርባ ሲታይ ዓይኖቹም ሁለቱም ቁልፎችም በግራ ናቸው። ሁለተኛው የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ። የእሱ ስልክ ዓይኖች በግራ፣ ረጅሙ ቁልፍ ግን ለብቻው በቀኝ ነው።

በመስታወቱ ውስጥ ያለው ስልክ ዓይኖቹ በቀኝ ነበሩ። ጀርባ አዋቂው ፈገግ አለ፤ መስታወት እንደሚገለብጥ ያውቃል እንጂ! ዓይኖቹን በሐሳቡ ወደ ግራ መለሳቸው። ከዚያ በግራ ጠርዝ ላይ በጣቶቹ መሃል ረጅሙን ቁልፍ አየ። ግራ። አሮጊቷ። ሊቅ ሲሳሳት በግማሽ ያህል ነው፤ ሙሉ ስህተት የመሃይም ነው።

ስሟን ሲናገር ሥራ አስኪያጁ አልደነገጡም፤ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ ነው። አሮጊቷ ጡረታዋ ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቷታል። ባለፈው ወር የግዥ ክፍሉ ኃላፊ «ለጊዜው» ሊወስድ የፈለገውን ፋይል ያለ ፊርማ አልሰጥም ብላ በሩ ላይ የቆመች ሴት ናት። አስጠሯትና ነገሯት። አልጮኸችም፤ ፎቶውን ለማየት ጠየቀች፤ መነጽሯን አደረገችና ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ ጀርባውን ወደ ቁም ሣጥኑ መስታወት አዞረች።

«ና እይ እስቲ ልጄ» አለችው።

አየ። በመስታወቱ ውስጥ የስልኳ ዓይኖች በቀኝ ሆኑ፤ ቁልፎቹም ሁለቱም አብረው ወደ ቀኝ ዞሩ። የግራው ጠርዝ ልሙጥ ነው፤ አንዲት ቁልፍ የለችበትም። የፎቶው ግራ ጠርዝ ግን ረጅም ቁልፍ አለበት።

«መስታወቱ ዓይኑን ገልብጦ ቁልፉን በምን ዝምድና ማረው?» አለች።

ጀርባ አዋቂው ለጀርባው የሚሆን ላብ አወጣ። ነገሩ አሁን ፍንትው ብሎ ታየው፤ ሁለቱንም ቢገለብጥ ዓይኖቹ በግራ፣ ረጅሙ ቁልፍ በቀኝ ይሆናል፤ ያ ደግሞ የእህት ልጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አሮጊቷን ትተው እሱን አዩት። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማኅተሙ ከጎኑ፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ።

«ባለሙያው አንተ ነህ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ።

«እትዬ፣ ይሄ የቴክኒክ ነገር ነው» አለ። «ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ቁልፉ ወደ ሌላ ጠርዝ ይሄዳል።»

ቁልፍ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በእግሩ ሲሄድ ያየ ሰው በዓለም የለም። ሥራ አስኪያጁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አሮጊቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የሚፈሩትን ወይም የሚረግሙትን ሰው ያህል እንኳ ክብር አልሰጠችውም፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።

ደብዳቤው ተፈረመ። ሥራ አስኪያጁ ብዕራቸውን እየከደኑ እንዲህ አሉት፦ «የእህቴ ልጅ ዕለቱን መጥቶ እየሳቀ ነግሮኛል። ልጅ ነው፤ ተጫወተ። እኔ የፈለግሁት ስልኩን አልነበረም፤ ቋሚ የሚሆን ሰው ነው የፈለግሁት።»

ደብዳቤውን ሲያነበው መደቡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይላል። በማግስቱ በአሮጊቷ ወንበር ተቀመጠ፤ የእሷ ትራስ ገና ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቨር የሚያዝ ጠፋ። በኮሪደር ሲያልፍ ስልኮች ሁሉ በጀርባቸው ይተኛሉ፤ መስኮታቸው ወደ ሰማይ፣ ዓይናቸው ወደ ጠረጴዛ። ቤት ሲገባ ሚስቱም ስልኳን በጀርባው አስተኛችው። «ምን ደበቅሽ?» አላላትም፤ ቢላት «ምን አግኝተህ?» ትለዋለች።

አንድ ሰው ብቻ አልፈራውም። የእህት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ ቤት መጣ፤ ያቺን ፋይል ያለ ፊርማ ወስዶ በብብቱ ሸጎጣት። ከዚያ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ሦስት ዓይኖች በግራ፣ ረጅሙ ቁልፍ በቀኝ።

«ከቨሬ አርጅቷል፤ ሌላ አምጣልኝ» አለው። «ሞዴሉን ታውቀዋለህ አይደል?»

«አውቀዋለሁ ጌታዬ» አለ።

ከቨሩ በሳምንቱ መጣ። ቁልፉ ላይ ልክክ አለ።