ከዝናብ ልብሱ ሥር ያለው ካናቴራ

የተራራ መሪዋን ሰው ሁሉ «ፍተሻ» ነው የሚላት። ጉዞ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ተጓዥ ኮሌታ ገልጣ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች። ጥጥ ካገኘች «ይሄ ለሠርግ ነው፤ ሂድና ቀይር» ትላለች። ባሏ ራሱ ከቤት ሲወጣ ኮሌታውን በእጁ ከድኖ ነው ይባላል። እኔ አላየሁም፤ የነገሩኝ ግን ብዙም አይዋሹም።

ያን ቀን ዋና መሪ ሆና የመጀመሪያ ቡድኗን ጫፍ ልታደርስ ነው። ለዚህች ቀን ስንት ዓመት የሰው ሻንጣ ተሸክማለች። ምን ያደርጋል፣ ከተጓዦቹ አንዱ የታላቅ እህቷ ባል ነው፤ ልብስ ሰፊ። የእህት ባል አንገት ውስጥ እጅ መስደድ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በአፏ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ከውስጥ ምን ለበሱ?»

«ያልሽኝን ነዋ! ጨርቅ ለእኔ ልታስተምሪኝ?»

አመነችው።

ሽቅቡ ላይ ካፊያው ከነፋስ ጋር መጣ። ሰውየው የዝናብ ልብሱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ «ቀስ ይበሉ» ብትለው እንኳ ሳይሰማ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይገሰግሳል። ሸንተረሩ ላይ አረፍ ሲሉ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዕድሜውን ቁልፍ ሲተክል የኖረ ጣት የገዛ ቁልፉን መዝጋት አቃተው።

አሁን ነውር የለም፤ ኮሌታውን ገለጠችው። ነጭ የጥጥ ካናቴራ! ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል።

«ምን ጉድ ነው ጋሼ!»

«ዝናብ… አልገባም እኮ» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «ጥጥ ይተነፍሳል። ያ ፖሊስተራችሁ ያሳክከኛል።»

«ዝናብማ አልገባም፤ ላብዎ ነው የጨረሰዎት! ጥጥ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። ሙቀት የሚይዘው በክሩ መሃል ያለው አየር ነበር፣ ቦታውን ውሃ ወሰደው። አሁን ሰውነትዎ እርስዎን ትቶ ካናቴራ ያሞቃል!»

ከነፋሱ አለት ሥር ከልላ አስወለቀችው። የራሷን መለወጫ የሱፍ ሹራብና ቆብ አለበሰችው፤ ሱፍ ቢረጥብ እንኳ አየሩን ጨርሶ አይለቅምና ሙቀት ያቆያል። ከፔርሙዝ ጣፋጭ ሻይ አጠጣችው። ሌሎቹም ልክ እንደሱ አልቧቸው ነበር፤ ፖሊስተራቸው ግን ውሃ ብዙም ስለማይጠጣ ላያቸው ላይ እየደረቀ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲበርድለት አንዱ ተጓዥ ጫፉን እያየ፣ «እዚህ ይጠብቁንና ደርሰን እንምጣ?» አለ።

«ብቻቸውን? በዚህ ነፋስ? መለወጫም አልቀረኝ። ሁላችንም እንወርዳለን።»

ሁሉም ጫፉን መለስ ብለው እያዩ ሻንጣቸውን አነሱ። እሷም ጥርሷን ነክሳ መንገዱን መራች።

ታች መኪናው ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ነፍስ ዘርቷል፤ ወሬውም ተመልሷል። አንገቱን እያሻሸ ጠጋ አላት።

«እህት ዓለም፣ አትቀየሚኝና ይሄ ሱፍሽ ትንሽ ይኮሰኩሳል።»

አፏን ከፈተች። የታላቅ እህቷ ባል መሆኑን አስታወሰችና መልሳ ገጠመችው፤ የመኪናውን በር ግን አገሩ እስኪሰማ ወርውራ ዘጋችው።